የሚያስርሽ የትኛው አንቀጽ ነው?

«ጋሼ፣ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካለ ፋብሪካ የቅጥር ውል ሰጥተውኛል። ደመወዙ 12,000 ብር ነው። 60 የሥራ ቀን ሙከራ አለው፤ ስለቅቅ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ። ከአራት ወር ሥልጠና በኋላ ሦስት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለብኝ። ካፈረስኩ 180,000 ብር እከፍላለሁ፣ አጎቴም ዋስ ይሆነኛል። ልፈርም?»

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ግን እንዳለ አትፈርሚው።

ሙከራው አያስፈራም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጣሪያው ራሱ 60 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ከሠራሽ አሥር ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው። እስከዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችያለሽ። ከዚያ በኋላ አዋጁ ከሠራተኛ የሚጠይቀው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፣ ሁለት ወር የሚለው እንዲስተካከል ጠይቂ። ሳታሳውቂ ብትወጪ እንኳ ለዚህ የምትከፍይው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዝሽ አይበልጥም።

ዋናው ቋጠሮ የሥልጠናው ግዴታ ነው። 180,000 ብር የአሥራ አምስት ወር ደመወዝሽ ነው። ጊዜውም ሦስት ዓመት ብቻ አይደለም፤ ቆጠራው ከሥልጠናው በኋላ ስለሚጀምር በጠቅላላው 40 ወር ይሆናል።

አሁን ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። ሥልጠናው ከተቀጠርሽበት ቀን ከጀመረ፣ በስምንተኛው ሳምንት ሥራው አልሆነሽም እንበል። የሙከራው አንቀጽ በሩን ይከፍትልሻል፤ የግዴታው አንቀጽ ግን 180,000 ብር አምጪ ሊልሽ ይችላል። ስለዚህ «በሙከራ ጊዜ ውሉ ቢቋረጥ የሥልጠና ክፍያ አይጠየቅም» የሚል መስመር እንዲገባ አድርጊ።

ቀጥሎ፣ ገንዘቡ በአገለገልሽው ልክ ይቀንሳል ወይ? ለ36 ወር ሲካፈል በወር 5,000 ብር ይወርዳል። 18 ወር አገልግለሽ ብትለቂ የሚቀርሽ ዕዳ 90,000 ብር ነው። መቀነሱ ካልተጻፈ ግን አንድ ወር ሲቀርሽም ሙሉውን ሊጠይቁሽ ነው። እኔ ብሆን ይህ ሳይስተካከል አልፈርምም።

ውሉ ላይ «ውሉ ከተቋረጠ» የሚል ካለም ደጋግመሽ አንብቢው። ማን ያቋረጠው? ፋብሪካው ሠራተኛ ቀንሶ ቢያሰናብትሽስ? «ሠራተኛዋ በራሷ ፈቃድ ከለቀቀች» ተብሎ ይጻፍ። ሥልጠናው ምን እንደሆነም ጠይቂ። ውጭ አገር ይልኩሻል ወይስ ነባር ኦፕሬተር አጠገብ ቆመሽ ማሽን መልመድ ነው? የወጪውን ዝርዝር በጽሑፍ ያሳዩሽ።

የአጎትሽ ነገር ያሳስበኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ መጠን ካልገለጸ አይጸናም። ስለዚህ እሱም የሚፈርመውን ወረቀት ቤት ወስዶ ያንብበው፣ መጠኑም ካንቺ ግዴታ ጋር እየቀነሰ እንዲሄድ ይጻፍለት። ዋናውን ዲግሪሽን በመያዣነት ከጠየቁሽ አትስጪ፤ ዋናውን አይተው ኮፒውን ያስቀሩ።