ወንዶች የሚረዝሙት ጉርምስናቸው ስለሚዘገይ ነው

ልጆቼ፣

ሐዋሳ ውስጥ ረጅም ዘመን የሕፃናት ሐኪም ሆኜ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለት ዓይነት ወላጆች ይመጡብኝ ነበር። የ12 ዓመት ሴት ልጅ ያላት እናት «ይቺ ልጅ ተመዘዘችብኝ፣ የት ልትደርስ ነው?» ትላለች። የ14 ዓመት ወንድ ልጅ ያለው አባት ደግሞ «ልጄ አጭር ሆኖ ቀረ» ይላል። የሁለቱም ጭንቀት ምንጩ አንድ ነው። እናንተም 6ኛ ክፍል እያላችሁ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከኋላ የሚቆሙት ብዙዎቹ ሴቶች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። 10ኛ ክፍል ላይ ሰልፉ ተገልብጧል። ለምን እንደተገለበጠ ልንገራችሁ። ይህን ባለማወቅ ቁመታቸውን የሚጎዱ ልጆች አሉና።

በአማካይ ወንድ ከሴት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። «የወንዶች ጉርምስና ረጅም ስለሆነ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ጉርምስና በሴትም በወንድም ከ2 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል። በርዝመቱ ብዙም አይለያዩም። ትልቁ ልዩነት ቁመት የሚመዘዝበት ዕድሜ ላይ ነው። ሴት ልጅ በጣም ፈጥና የምታድገው 12 ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። ወንድ ልጅ ግን ወደ 14 ሲጠጋ ነው። እነዚህ ሁለት ዓመታት ናቸው ልዩነቱን የሚያመጡት።

ሐኪሞች የምንጠቀምበትን የዕድገት ሰንጠረዥ ልውሰድ። የአሜሪካው ነው። በእኛ አገር ልጆች ቁጥሮቹ ዝቅ ይላሉ፣ የመስመሩ አካሄድ ግን ያው ነው። በ10 ዓመታቸው ሁለቱም 138 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው፣ እኩል ማለት ይቻላል። በ12 ዓመት ሴቷ 151 ስትደርስ ወንዱ 149 ላይ ነው። በለጠችው። በ13 ዓመት ሴቷ 157፣ ወንዱ 156። ከዚያ በኋላ እሷ መቀዝቀዝ ትጀምራለች። የወር አበባ ከመጣ በኋላ አብዛኞቹ ሴቶች የሚጨምሩት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እሱ ግን ገና መመዘዙ ነው። በ14 ዓመቱ 164፣ በ15 ዓመቱ 170 ይሆናል። መጨረሻ ላይ እሷ 163፣ እሱ 176 ገደማ ላይ ይቆማሉ።

እንግዲህ 13ቱ ሴንቲ ሜትር ከየት መጣ? ልጅነት ላይ ማንም ልጅ በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ወንዱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ስለሚመዘዝ፣ መመዘዝ ሲጀምር እሷ ከጀመረችበት ቁመት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚነሳው። ትልቁ ድርሻ ይሄ ነው። የቀረው ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚመጣው የእሱ ፍጥነት ትንሽ ስለሚበልጥ ነው። እሷ በፈጣኑ ዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትጨምር እሱ 9 ወይም 10 ይጨምራል። በልጅነት ይበልጥ የሚያድገው እግር ስለሆነ ጉርምስናው የዘገየ ልጅ እግረ ረጅም ሆኖ ይወጣል። ይህንንም ሰፈራችሁ ውስጥ አስተውላችሁ ይሆናል።

አሁን ዕድገቱን ማን እንደሚያቆመው ልንገራችሁ። ብዙ ሰው የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። በረጃጅም አጥንቶቻችን ጫፍ ለስላሳ ልም አጥንት አለ። ቁመት የሚጨመረው እዚያ ነው። ይህ ቦታ ሙሉ በሙሉ አጥንት ሲሆን ዕድገት ያበቃል። የሚዘጋው ሆርሞን ደግሞ ኤስትሮጅን ነው። የሴት ሆርሞን እያልን የምንጠራው ማለት ነው። በወንድም ቢሆን የሚዘጋው እሱው ነው፤ የወንድ ሰውነት ከቴስቶስትሮን ላይ ጥቂቱን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጣል። በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ስለ አንድ የ28 ዓመት ሰው ጽፈዋል። ቴስቶስትሮኑ ደህና ነበር። ሰውነቱ ግን በተፈጥሮ ጉድለት ኤስትሮጅንን መቀበል አይችልም። ቁመቱ 204 ሴንቲ ሜትር ነበር። አጥንቱ ገና የ15 ዓመት ልጅ አጥንት ይመስል ነበር። በዚያ ዕድሜውም ቀስ እያለ ማደጉን አላቆመም።

ጂም የምትሠሩ ወንዶች ልጆች፣ ይህን አንብባችሁ እንዳታልፉት። ጡንቻ ለማውጣት የቴስቶስትሮን መርፌ የሚወጉ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች አሉ። የሚሸጥላቸው ሰው «ቁመትም ይጨምራል» ይላቸዋል። ለጥቂት ወራት እውነት ይመስላል፣ ልጁ ይመዘዛል። ግን ከመርፌው ላይ ሰውነቱ ኤስትሮጅን ይሠራል፣ ማደጊያው ቦታ ያለጊዜው ይዘጋል። አንዴ ከተዘጋ የሚከፍተው መድኃኒት የለም። ይህ ሳይታዘዝ የሚወሰድ መርፌ ነው፣ እባካችሁ አትንኩት። ከ8 ዓመቷ በፊት ጡቷ ያጎጠጎጠ ሴት ልጅም በዚሁ ምክንያት ነው ቶሎ ሐኪም ማየት ያለባት። ለጊዜው ከእኩዮቿ ሁሉ ትረዝማለች። ዕድገቷ ግን ቀድሞ ይቆማል።

አንድ ልጅ ደግሞ ላንሳላችሁ። አባቱ ይዞት መጣ። 14 ዓመት ተኩል ነው፣ 147 ሴንቲ ሜትር። በአንድ ዓመት የምታንሰው እህቱ ትበልጠዋለች። ክፍል ውስጥ «አጭሬ» እያሉ አስመርረውታል። አየሁት፤ የዘር ፍሬው ማደግ ጀምሯል። የወንድ ጉርምስና የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው፣ ከድምፅ መጎርነንም ከጢምም ይቀድማል። አባቱን «አንተስ መቼ ነው የረዘምከው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «11ኛ ክፍል፣ ሁሉም ካደገ በኋላ» አለ። የልጁን የግራ እጅ ራጅ አስነሳሁ። የጣቶቹና የእጅ አንጓው አጥንቶች ቅርፅ፣ ጫፋቸው ላይ ያለው ማደጊያ ቦታም ምን ያህል ክፍት እንደሆነ የአጥንቱን ዕድሜ ይናገራል። አጥንቱ ገና 12 ዓመቱ ነበር።

በዚያ የአጥንት ዕድሜ ላይ ያለ ወንድ ልጅ ከመጨረሻ ቁመቱ 84 በመቶ ያህሉን ደርሷል። ስለዚህ 147ን ለ0.84 አካፈልኩ፣ 175 መጣ። ግምት ነው፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳት ይችላል። ለልጁ ወረቀቱን አሳየሁትና «እህትህ ቀድማህ ሄደች እንጂ አንተ አልቀረህም» አልኩት። ምንም መድኃኒት አላዘዝኩለትም።

ልጁ ደህና መሆኑን የነገረኝ ግን አጭርነቱ አይደለም፣ የዕድገቱ ፍጥነት ነው። ስለዚህ እናንተም ራሳችሁን ለኩ። ጠዋት ተለኩ፣ እስከ ማታ ሰው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራልና። ጫማ አውልቁ፣ ሹሩባችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ፍቱት። ተረከዝና ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስጠጉ። ሌላ ሰው ደረቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ከግድግዳው ጋር አስተካክሎ አናታችሁ ላይ ያሳርፍና ምልክት ያድርግ። በየሳምንቱ መለካት ትርጉም የለውም። በ6 ወር አንዴ ይበቃል። ጉርምስና ሳይጀምር በዓመት ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች የሚያድግ ልጅ ሐኪም ይየው። 13 ዓመት ሞልቷት ጡቷ ያልጀመረ ሴት፣ 14 ሞልቶት ምንም ምልክት ያላየ ወንድም እንዲሁ። ስትሄዱ የለካችሁበትን ቀንና ቁጥር የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።