«ለተፈጠረው መጉላላት» ከማለት ይልቅ

ጥያቄ፦ «ደንበኛችን ጥቁር 40 ቁጥር ጫማ አዛ የሌላ ሰው ቡናማ 42 ደረሳት። ስናሽግ መለያው ተቀያይሮብን ነው። ይህን ልልክላት ነው፤ እስቲ እዩልኝ፦ ‹ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። በዕለቱ ትዕዛዝ ስለበዛ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞን አያውቅም። ሲረከቡ ከፍተው ቢያዩት ኖሮ ወዲያው ይስተካከል ነበር። ጫማውን ከመለሱ በኋላ ትክክለኛውን በቅርቡ እንልካለን።›»

እንዳለ ባይላክ ይሻላል። «ተፈጠረ» የሚለው ግስ ባለቤት የለውም፤ ስህተቱ ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል። እሷ መስማት የምትፈልገው «ላክንልዎ»፣ «አቀያየርን» የሚሉትን ነው። የትዕዛዙ መብዛትም የሻጩ ጉዳይ ነው። ምክንያት መግለጽ ካስፈለገ በትክክል የሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይበቃል።

ከሁሉም የሚከብደው «ከፍተው ቢያዩት ኖሮ» ነው። እውነት ቢሆን እንኳ ስናሽግ የተሠራውን ጥፋት ወደ እሷ ያዞራል። ጭራሽ ይውጣ። ደንበኛው ከፍቶ እንዲያይ ከተፈለገ ያንን ማሳሰብ የዕቃ አድራሹ ሥራ ነው።

«ከመለሱ በኋላ በቅርቡ» ሲባል ደግሞ ገንዘቧን ከፍላ፣ ጫማ ሳይኖራት፣ የሰው ዕቃ ተሸክማ እንድትመላለስ ማድረግ ነው። ቅያሪው በአንድ ጉዞ በሯ ላይ ይሁን። ሰዓት ከመጻፍ በፊት ግን መጋዘን ውስጥ ሌላ ጥቁር 40 መኖሩን በዓይን ማየት፣ ከአድራሹም ጋር ሰዓቱን መጨረስ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ቀጠሮ ከተሰበረ የመጀመሪያውም ይቅርታ ዋጋ ያጣል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደረሰኙን ነው። ካርቶን ውስጥ የሚገባው መለያው ከመለጠፉ በፊት ከሆነ፣ የእሷ ስምና ስልክ አሁን ሌላው ደንበኛ እጅ ነው። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከሻጩ ትስማው።

እንዲህ ቢሆንስ፦

«ጤና ይስጥልን። ጥቁር 40 ቁጥር ጫማ አዘው የሌላ ደንበኛ ቡናማ 42 ላክንልዎ። ስናሽግ የሁለት ካርቶን መለያ አቀያይረን ለጥፈናል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ትክክለኛውን ጫማ አዘጋጅተናል። ዕቃ አድራሹ ሠራተኛችን ነገ ጠዋት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያመጣልዎታል፤ ቡናማውንም ከነደረሰኙ በዚያው ይረከባል። ምንም አይከፍሉም። ስምዎና ስልክዎ ያለበት ደረሰኝ ለሌላው ደንበኛ ደርሷል፤ ከጫማው ጋር እናስመልሰዋለን። ሰዓቱ ካልተመቸዎ የሚመችዎን ይጻፉልን። ጫማውን ከእንግዲህ ካልፈለጉት ደግሞ ሙሉ ገንዘብዎን እንመልሳለን።»

መጋዘን ውስጥ ሌላ ጥቁር 40 ከሌለ የእሷ ጫማ ያለው ሌላው ደንበኛ ጋ ብቻ ነው። ያኔ መጀመሪያ ለእሱ ተደውሎ ጫማው እንዳልተለበሰ ይረጋገጥ፤ ለእሷ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።