ሦስቱ 20 ሚሊ ሊትር ከአንዱ 60 ለምን በለጡ?

«ጋሼ፣ ለልምምድ ብዬ 1 ግራም ንጹሕ ካፌይን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሟሁ። 60 ሚሊ ሊትር ዳይክሎሮሜቴን በአንዴ ጨምሬ ነቀነቅኩ። ሟሟውን አትንኜ ስመዝን 0.83 ግራም ብቻ አገኘሁ። በደንብ አልነቀነቅኩም ይሆናል ብዬ በአዲስ ናሙና 10 ደቂቃ ሙሉ ነቀነቅኩ፤ ያው 0.83 ነው። ባልደረባዬ ያንኑ 60 ሚሊ ሊትር ለሦስት ከፍሎ 0.94 አወጣ። ሁለታችንም የተጠቀምነው ሟሟ እኩል ነው። የእኔ 0.11 ግራም የት ገባ?»

የትም አልገባም፣ ውሃው ውስጥ ቀርቷል። እጅህም ጥፋት የለበትም። ደግሞ ያ 10 ደቂቃ በከንቱ አልጠፋም፤ ጉዳዩ የመነቅነቅ እንዳልሆነ በራስህ እጅ አረጋግጠሃል።

ካፌይን ውሃ ውስጥም ዳይክሎሮሜቴን ውስጥም ይሟሟል፤ ግን ዳይክሎሮሜቴንን ይመርጣል። ሁለቱ ፈሳሾች ያሉበትን መለያ ፈነል ስትነቀንቅ ካፌይኑ ከውሃው ወደ ሟሟው ይሻገራል። የተሻገረው ደግሞ ተቀምጦ አይቀርም፣ ከፊሉ ወደ ውሃው ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ሂያጁ ይበዛል። ሟሟው እየሞላ ሲሄድ ተመላሹ ይጨምራል። የሚሄደውና የሚመለሰው እኩል ሲሆኑ ነገሩ እዚያው ይቆማል። መነቅነቅ ቶሎ ወደዚህ ሚዛን ያደርስሃል እንጂ ሚዛኑን አያዘነብልልህም። በአንድ ሁለት ደቂቃ ከደረስክ የቀረው ስምንት ደቂቃ ለክንድህ ስፖርት ነው።

ሚዛኑ ላይ ስትደርስ አንድ የማይለወጥ ነገር ታገኛለህ። በአንድ ሚሊ ሊትር ዳይክሎሮሜቴን ውስጥ ያለውን ካፌይን፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ላለው ብታካፍለው ሁልጊዜ ያው ቁጥር ይወጣል። ዲስትሪቢዩሽን ኮፊሸንት የሚባለው ይኸው ነው፤ በ K ይጻፋል። ዋልተር ኔርንስት በ1891 ሕጉን በስሙ የሚታወቅበትን መልክ ሰጠው። ቁጥሩን ለማግኘት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግህም፤ የመዘንከው ክብደት ነግሮሃል። 0.83 ግራም በ60 ሚሊ ሊትር ሟሟ ውስጥ፣ 0.17 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ፦

```
K = (0.83 / 60) / (0.17 / 100) ≈ 8
```

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። K ስምንት ነው ሲባል «ስምንት እጁ ይወጣል፣ አንድ እጁ ይቀራል» ብለው ያስባሉ። ቁጥሩ ግን የሚናገረው በየሚሊ ሊትሩ ስላለው ነው እንጂ ስለ ጠቅላላው ግራም አይደለም። ያንተ ሟሟ 60 ነበር፣ ውሃው 100። ስለዚህ የግራሞቹ ንጽጽር 8 ሲባዛ በ0.6፣ ማለትም 4.8 ለ 1 ነው። አንድ ግራሙን በዚህ ብትከፍለው 0.83 ለሟሟው፣ 0.17 ለውሃው ይደርሳል። ልክ የመዘንከውን።

አሁን ወደ ባልደረባህ ፈነል እንሂድ። የመጀመሪያውን 20 ሚሊ ሊትር ሲጨምር ንጽጽሩ 8 ሲባዛ በ0.2፣ 1.6 ለ 1 ነው። ስለዚህ ሟሟው 0.615 ግራም ይወስዳል፤ ውሃው ውስጥ 0.385 ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ካንተ በታች ነው። ነገር ግን ይህን ሟሟ ቀድቶ ወደ ጎን አስቀመጠው። ያ 0.615 ግራም ከጨዋታው ወጣ፤ ወደ ውሃው የሚመለስበት መንገድ ተዘጋ። ሁለተኛው 20 ሚሊ ሊትር ሲገባ ባዶ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ወደ ኋላ የሚመልሰው ምንም የለውም። ስለዚህ ከ0.385ቱ እንደገና በ1.6 ለ 1 ተካፍሎ 0.237 ያነሳል። ሦስተኛው ደግሞ ከቀረው 0.148 ላይ 0.091 ይወስዳል። ስትደምራቸው 0.943 ነው። ውሃው ውስጥ የቀረው 0.057 ብቻ ነው።

ልዩነቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ያንተ 60 ሚሊ ሊትር ሙሉው በአንድ ጊዜ ከውሃው ጋር ተፋጠጠ፤ በካፌይን ሲሞላም እዚያው ሆኖ ውሃው የያዘውን 0.17 እንዲይዝ አስቻለው። የባልደረባህ ውሃ ግን በየዙሩ ከአዲስ ባዶ ሟሟ ጋር ነው የሚካፈለው፤ ስለዚህ በየዙሩ ካለው ላይ ከግማሽ በላይ ይለቃል። በቀመር ልጻፍልህ፤ `Vw` ውሃው፣ `Vo` የአንድ ዙር ሟሟ፣ `n` የዙሩ ብዛት ነው፦

```
ውሃ ውስጥ የሚቀረው ድርሻ = ( Vw / (Vw + K × Vo) )^n
```

«እንግዲያው ለስድስት፣ ለአሥር ልከፋፍለው» ማለትህ አይቀርም። አስላው። ስድስት ጊዜ በ10 ሚሊ ሊትር ብታደርገው 0.97 ታወጣለህ። ማለቂያ በሌለው ቁጥር ብትከፋፍለው እንኳን በ60 ሚሊ ሊትር ከ0.99 አካባቢ አታልፍም። ከአንድ ወደ ሦስት መሄድ 0.11 ግራም ሰጠ። ከሦስት ወደ ስድስት መሄድ ሌላ 0.03 ብቻ ይጨምራል፤ ድካሙ ግን እጥፍ ነው።

በተግባር ደግሞ ያቺንም 0.03 ሙሉ በሙሉ አታገኛትም። ዳይክሎሮሜቴን ውሃ ውስጥ ጥቂት ይሟሟል። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ይውጣል። የመጀመሪያው ዙር 10 ሚሊ ሊትር ከሆነ አንድ አሥረኛው ገና ሳይሠራ ውሃው ውስጥ ጠፋ ማለት ነው። በየዙሩ መስታወቱ ላይ የምትቀር ጠብታም አለች። እኔ ከሦስት ዙር በላይ የምሄደው K ዝቅ ሲልብኝ ብቻ ነው።

ግን ይህ የመከፋፈል ዘዴ ለሁሉም ነገር እኩል አይሠራም። K 100 የሆነ ንጥረ ነገር ቢሰጡህ አንዱ 60 ሚሊ ሊትር ብቻውን 98 በመቶ ያወጣልሃል፤ መከፋፈሉ የሚጨምረው የመጨረሻዋን ጭላጭ ነው። K 0.5 ከሆነ ደግሞ በአንዴ 23 በመቶ፣ በሦስት 25 በመቶ ታወጣለህ። እዚያ ጋ ችግሩ የመከፋፈል አይደለም፤ ሟሟው ራሱ አልተስማማም። ሌላ ሟሟ ፈልግ፤ ወይም ውሃው ውስጥ የገበታ ጨው አሟሙና ንጥረ ነገሩን ከውሃው ገፋው። ንጥረ ነገሩ አሲድ ወይም ቤዝ ከሆነ ፒኤች ማስተካከልም ሁኔታውን ይቀይረዋል፤ ቻርጅ ያለው ቅርጽ ውሃ ውስጥ መቅረት ይወዳል። ካፌይን መካከል ላይ ነው፤ ስለዚህ መከፋፈሉ በደንብ ይታይበታል።

አሁን ፈነሉን ያዝ። ዳይክሎሮሜቴን ከውሃ ይከብዳል፣ ታች ይተኛል። ይህ ለሦስት ዙር ያመቻል፤ የታችኛውን እየቀዳህ ውሃውን እዚያው ትተወዋለህ። ግን ሁልጊዜ ታች ያለው ሟሟው ነው ብለህ አትልመድ። ኢቴር ወይም ኤቲል አሴቴት ስትጠቀም ላይ ነው የሚሆነው። ከተጠራጠርክ ጥቂት ጠብታ ውሃ በላይኛው ሽፋን ላይ ጣል። ከሽፋኑ ጋር ከተዋሃደ እሱ ውሃው ነው፤ ሰንጥቆ ወደ ታች ከወረደ ሟሟው ነው። በተማሪነቴ አንድ ጊዜ የሁለት ቀን ሥራ ወደ ቆሻሻ መያዣው ደፋሁ፣ «ይሄ ውሃው ነው» ብዬ። ከዚያ ወዲህ ካፌይኑ እጄ ላይ ደርቆ ሳይመዘን የትኛውንም ሽፋን አልደፋም።

ዳይክሎሮሜቴን በ40 ዲግሪ ሴልሲየስ ስለሚፈላ የእጅህ ሙቀት እንኳ ግፊት ይፈጥራል። ትኩስ ውሃ ላይ ጭራሽ አትጨምረው። ጋዝ የሚስብ ሁድ ውስጥ ሁን፤ ክዳኑን በመዳፍህ ያዝ፤ አንዴ ገልብጠህ ጭራውን ከሰው ፊት አዙረህ ቧንቧውን ክፈትና ጋዙን አስወጣ። እስኪረጋጋ ድረስ ይህን ደጋግም። ንጹሕ ካፌይን ነው ያለኝ ብለህ ከልብ ብትነቀንቅም ችግር የለም። ከሻይ ቅጠል ስታወጣ ግን ተጠንቀቅ፤ ታኒኑ እንደ ሳሙና ሆኖ ወተት የመሰለ ኢመልሽን ያመጣብሃል። ያኔ አትነቅንቅ፣ ቀስ ብለህ አሽከርክረው። ውሃው ላይ ሶዲየም ካርቦኔት አስቀድመህ ብትጨምር ታኒኑ ወደ ጨውነት ተቀይሮ ውሃው ውስጥ ይቀርልሃል።

ስትቀዳ ላይኛውን ክዳን ክፈት፤ ያለዚያ ፈሳሹ ይቆራረጣል። ድንበሩ ወደ ቧንቧው ሲጠጋ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ጠብ ጠብ አድርገው። መሃል ላይ ያለችው ጭጋግ ከየትኛው ናት ካልክ፣ ከውሃው ጋር ተዋት፤ የሚቀጥለው ዙር ያወጣታል። ይህም የሦስት ዙር ሌላ ጥቅም ነው፤ አንዱን 60 ሚሊ ሊትር ብትቀዳ ያንን ጭጋግ መልሰህ የምትይዝበት ሌላ ዕድል የለህም።

ሦስቱን አንድ ላይ ደባልቀህ በሶዲየም ሰልፌት ማድረቅ ትችላለህ። ግን ለልምምድ ከሆነ አትደባልቃቸው። ለየብቻ አድርቃቸው፣ አትንን፣ መዝን። በ K 8 ስሌት እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው 0.385 እጥፍ መሆን አለበት፦ 0.615፣ 0.237፣ 0.091። ያንተ ሦስቱ ቁጥሮች ወደዚህ ከተጠጉ ሥራህ ንጹሕ ነው። የመጀመሪያው ጎድሎ ሁለተኛው ከበዛ፣ የመጀመሪያውን ሽፋን ሙሉ ሳትቀዳ ትተሃል ወይም ሚዛን ሳይደርስ ለቀኸዋል። ሦስተኛው እንደ ሁለተኛው ከከበደ ደግሞ ሟሟው በደንብ አልተነነም ወይም ውሃ ይዟል፤ ብልቃጡን ትንሽ አሙቀህ ደግመህ መዝነው፣ ክብደቱ መውረዱን ካቆመ በኋላ ያለውን ቁጥር ጻፍ።