የማይስማማችሁን ሰው በድርሰታችሁ ውስጥ ስለ ማናገር

ውድ ወጣት ጸሐፊዎች፣

የሌሎችን ጽሑፍ በማረምና በማስተካከል ብዙ ዓመታት ካሳለፍሁ በኋላ ያዳበርሁት አንድ ልማድ አለ። አከራካሪ ድርሰት ሲደርሰኝ አስቀድሜ የማነበው መግቢያውን ሳይሆን፣ ጸሐፊው ከእሱ ጋር የማይስማሙ ሰዎችን ሐሳብ አቅርቦ ምላሽ የሚሰጥበትን ክፍል ነው። መግቢያ በሚያማምሩ ቃላት ሊሸፈን ይችላል፤ ተቃራኒው መከራከሪያና ማስተባበያው ግን ጸሐፊው ጉዳዩን ምን ያህል እንደሚያውቀው ወዲያው ያሳብቃሉ። በዚህ ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚሁ ክፍል ብቻ ነው።

ብዙዎቻችሁ ይህን ክፍል የምትጽፉት መምህር ስላዘዘ ይመስለኛል፤ ስለዚህም ተቃውሞውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታነሡና «ይሁን እንጂ» ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ሐሳብ ትመለሳላችሁ። እንዲህ ከሚሆን ክፍሉ ከነጭራሹ ቢቀር ይሻላል። ዳንኤል ኦኪፍ የተባሉ የኮሙኒኬሽን ተመራማሪ በዚህ ጉዳይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ትንተና፣ ተቃራኒውን ሐሳብ አንሥቶ የሚያስተባብል መልእክት የራሱን ወገን ብቻ ከሚናገር መልእክት የበለጠ አሳማኝ ሆኖ አግኝተውታል። ተቃራኒውን ሐሳብ አንሥቶ ምላሽ ሳይሰጥ የሚያልፈው ግን የራሱን ወገን ብቻ ከሚናገረውም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ጥቅሙ ያለው ተቃውሞውን በመጥቀስ ላይ ሳይሆን በምላሹ ላይ ነው። መልስ ያልተሰጠው ተቃውሞ በአንባቢው ልቡና ይቀራል፤ ያስቀመጣችሁትም እናንተው ናችሁ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጠዋት ትምህርት የሚጀምሩበት ሰዓት ዘግየት እንዲል የሚከራከር ድርሰት ትጽፋላችሁ እንበል። በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚገፋ ወጣቶች ማታ ቶሎ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ጠዋት ግን በግድ ይነሣሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2014 የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ትምህርት እንዳይጀምሩ መክሯል። እስከዚህ ድረስ ማስረጃው ከእናንተ ጋር ነው። ታዲያ የትኛውን ተቃውሞ ታነሣላችሁ?

ሦስት ተቃውሞዎች በቶሎ ይመጣሉ እንበል። አንደኛው «የዛሬ ወጣቶች ሰነፎች ስለሆኑ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ከተለወጠ የወላጆች የሥራ ሰዓትና የተማሪዎች መጓጓዣ ይዛባል የሚል ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ትምህርት ዘግይቶ ከጀመረ ተማሪዎቹም ዘግይተው ስለሚተኙ ተጨማሪ እንቅልፍ አያገኙም ይላል። ጀማሪ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ለመርታት ስለሚቀል ነው። አስተዋይ አንባቢ ግን የረታችሁት ማንም ከልቡ የማይከራከርበትን ነገር መሆኑን ወዲያው ያያል፤ ጠንካራውን ተቃውሞ ሸሽታችኋል ብሎም ይጠረጥራል። እኔ ለመምረጥ የምጠቀምበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ተቃውሞ እውነት ቢሆን ከድርሰቴ ምን ይቀራል? የመጓጓዣው ተቃውሞ እውነት ቢሆን ለውጡ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው፤ ቢሆንም ዋጋው ይከፈል ብሎ መከራከር ይቻላል። ሦስተኛው እውነት ከሆነ ግን ሰዓትን ማዘግየትና እንቅልፍን መጨመር የሚያገናኘው ድልድይ ይሰበራል፤ ድርሰቱም አብሮ ይወድቃል። በአጭር ድርሰት ውስጥ ቦታ የሚገባው እሱ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ሦስቱንም መደርደር የትኛውንም በወጉ እንዳትመልሱ ያደርጋችኋል።

አሁን በተደጋጋሚ የማየውን ዓይነት አንቀጽ ላስቀምጥ፦

«አንዳንድ ሰዎች የትምህርት መጀመሪያ ሰዓት ቢዘገይ ተማሪዎች ያመሻሉ እንጂ ተጨማሪ እንቅልፍ አያገኙም ይላሉ። ይሁን እንጂ እንቅልፍ ለጤናም ሆነ ለትምህርት እጅግ አስፈላጊ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ መዘግየት አለበት።»

ሰዋስዉ ደህና ነው፤ ምላሽ ግን የለውም። ተቃዋሚው እንቅልፍ አስፈላጊ አይደለም አላለም፤ ያለው እንቅልፉ አይጨምርም ነው። ጸሐፊው ያልተጠየቀውን መልሶ የተጠየቀውን ትቶታል። ይህን ስሕተት በራሳችሁ ጽሑፍ ውስጥ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። በተቃውሞው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቃዋሚው የሚክደውን ነገር አስምሩበት፤ እዚህ ላይ «ተጨማሪ እንቅልፍ አያገኙም» የሚለው ነው። ከዚያ ማስተባበያውን አንብባችሁ ስለዚያ ስለ ተሰመረበት ነገር አዲስ ማስረጃ የሚያቀርብ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ካጣችሁ፣ የጻፋችሁት ማስተባበያ ሳይሆን የአቋማችሁ ድግግሞሽ ነው።

ለማቃናት ሁለት ሥራ አለ። የመጀመሪያው ተቃውሞውን ከነምክንያቱ ማቅረብ ነው። ተቃዋሚው እንዲህ የሚለው ለምን ይመስላችኋል? ወጣቶችን የሚያስመሻቸው የሰውነታቸው ሰዓት ብቻ ሳይሆን ስልኩም፣ የቤት ሥራውም፣ ከጓደኛ ጋር የሚደረገው ጨዋታም ጭምር ስለሆነ፣ ጠዋት የተገኘው ጊዜ ማታ ይባክናል ብሎ ይሰጋል። ይህ የሚያስኬድ ሥጋት ነው። እንዲህ አድርጋችሁ ስትጽፉት ያንን አቋም የሚይዝ ሰው «አዎ፣ የምለው ይህንኑ ነው» ሊላችሁ ይገባል። እንዲህ የሚል ሰው በአቅራቢያችሁ ካለ ማስተባበያውን ሸፍናችሁ ተቃውሞውን ብቻ አስነብቡት።

ሁለተኛው ሥራ በትክክል ያንን ነጥብ የሚነካ ማስረጃ መፈለግ ነው። በአሜሪካ የሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ ሰዓት ከ1፡50 ወደ 2፡45 ተዛውሮ ነበር። ተመራማሪዎች ከለውጡ በፊትና በኋላ በሁለት ትምህርት ቤቶች የነበሩ ተማሪዎችን እንቅልፍ በእጅ አንጓ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ለክተው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አሳተሙ፤ የተማሪዎቹ የዕለት እንቅልፍ በመካከለኛ ግምት በ34 ደቂቃ ጨምሮ ተገኘ።

ልብ በሉ፤ ትምህርት የዘገየው በ55 ደቂቃ ነው፤ እንቅልፍ የጨመረው ግን በ34 ደቂቃ። ችኩል ጸሐፊ 34ቱን ብቻ ጠቅሶ 55ቱን ይተወዋል። እኔ ሁለቱንም እንድትጽፉ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ተቃዋሚው ከፊል እውነት እንደያዘ የሚያሳየው ልዩነታቸው ነው። የተገኘው ጊዜ ሁሉ ወደ እንቅልፍ አልተለወጠም፤ ሁሉም አልባከነምም። ሁለቱን ቁጥሮች አብሮ የሚያቀርብ ጸሐፊ ተቃዋሚው ቁጥሩን ፈልጎ እንዲያሳፍረው ዕድል አይሰጥም። አንቀጹም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የለውጡ ተቃዋሚዎች እንደሚሉት፣ ወጣቶችን የሚያስመሻቸው ስልክና የቤት ሥራ ጭምር ስለሆነ፣ ጠዋት የሚገኘው ተጨማሪ ጊዜ ማታ በማምሸት ይባክናል። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ በሲያትል ትምህርት በ55 ደቂቃ ሲዘገይ የተማሪዎቹ እንቅልፍ የጨመረው በ34 ደቂቃ ብቻ ነው። ሆኖም ጊዜው ሁሉ ቢባክን ኖሮ ጭማሪው ከዜሮ ባልራቀ ነበር። በየዕለቱ የሚገኝ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንቅልፍ፣ ለውጡ ችግሩን ሙሉ በሙሉ ባይፈታም እንደሚያቃልለው ያመለክታል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ያመናችሁት ነገር ምን እንደሆነ በትክክል ተቀምጧል። «እርግጥ ነው፣ እነሱም እውነት አላቸው» ብላችሁ ብታልፉ ኖሮ አንባቢው የቱን እንደተቀበላችሁ አያውቅም፤ ሁሉን እንደተቀበላችሁም ሊቆጥረው ይችላል። መቀበል የሚገባችሁ ተቃዋሚው ያቀረበውን እውነታ ነው፤ ከእውነታው ተነሥቶ የደረሰበትን መደምደሚያ አይደለም። የተቀበላችሁት ነገር ደግሞ ወደ መግቢያው ተመልሶ የአቋማችሁን መግለጫ መንካት አለበት። መግቢያችሁ «ሰዓቱን ማዘግየት የእንቅልፍ እጦትን ይፈታል» ብሎ ከሆነ አሁን ከራሳችሁ ማስተባበያ ጋር ይጋጫል፤ «በጉልህ ይቀንሳል» ብላችሁ አስተካክሉት። ብዙ ድርሰት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ጸሐፊው መካከል ላይ በሐቀኝነት ያመነውን መግቢያውና መደምደሚያው አልሰሙም።

ማስረጃውም ልክ አለው። ጥናቱ በሁለት ትምህርት ቤቶች የተደረገ ነው፤ ከለውጡ በፊትና በኋላ የተለኩትም እነዚያው ተማሪዎች አልነበሩም። ስለዚህ ከላይ «ያረጋግጣል» ሳይሆን «ያመለክታል» የሚለውን ግሥ ተጠቀምሁ። በማስተባበያ ውስጥ ከማስረጃው አቅም በላይ የሚጮህ ግሥ ለተቃዋሚው የተተወ ክፍት በር ነው።

በአማርኛ ስንጽፍ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነገርም አለ። ግሣችን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ «ይላሉ» ወይም «ብለው ይከራከራሉ» የሚለው እስኪደርስ ድረስ አንባቢው የተቃዋሚውን ሐሳብ የእናንተ አድርጎ ያነበዋል። ዓረፍተ ነገሩ ሦስት መሥመር ከሆነ መሳቱ የከፋ ነው። ስለዚህ የባለቤቱን ማንነት «ተቃዋሚዎች እንደሚሉት» በሚል ዓይነት ሐረግ ከፊት አስቀምጡ። ወደ ራሳችሁ ድምፅ ስትመለሱም «ሆኖም» የሚለው ቃል ከዓረፍተ ነገሩ መካከል ሳይሆን ከመጀመሪያው ይግባ። «አንዳንድ ሰዎች» የሚለውንም ተጠንቀቁ፤ ማን እንደሆኑ ካልታወቀ ተቃውሞውን እናንተው የፈጠራችሁት ይመስላል።

ክፍሉ የት ይግባ ለሚለው አንድ ሕግ የለም። ተቃውሞው የሚነካው አንዱን ነጥብ ብቻ ከሆነ ከዚያው ነጥብ ሥር ይምጣ፤ ጠቅላላውን አቋም የሚነካ ከሆነ ከመደምደሚያው በፊት ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሰጠው። በሁለቱም ቦታ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የእናንተ ይሁን፤ ማስተባበያው ከተቃውሞው ካጠረም እንደገና እዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃ ጎድሎታል ማለት ነው።

ተቃውሞውን ከነሙሉ ጉልበቱ ጽፋችሁት ምላሽ የምታጡበት ቀንም ይመጣል። ያን ጊዜ ሁለት የተሳሳቱ መውጫዎች ይፈትኗችኋል፤ አንቀጹን ሰርዞ ዝም ማለት፣ አለዚያም ተቃውሞውን አዳክሞ እንደገና መጻፍ። ይልቅ የአቋማችሁን ስፋት አጥብቡ። ለምሳሌ የመጓጓዣው ችግር በእርግጥ የማይፈታባቸው ትምህርት ቤቶች ካሉ፣ «ሁሉም ትምህርት ቤቶች» የሚለውን «የተማሪ ማመላለሻቸውን ማሸጋገር የሚችሉ ትምህርት ቤቶች» በሚል ተኩት። ያም ካልበቃና ተቃውሞው የቀረውንም አቋም ከጣለው፣ ድርሰቱን ከዚያኛው ወገን ሆናችሁ እንደ አዲስ ጀምሩት፤ የሰበሰባችሁት ማስረጃ አይባክንም፤ አሁን ምላሽ የሚሻው ተቃራኒ መከራከሪያ እሱ ይሆናል።