ከረጅም ኬዝ ውስጥ ቆራጧን ፍንጭ ማውጣት፦ ለሕክምና ተማሪዎች

ልጆቼ፣ ለፈተና ስትዘጋጁ «ከረጅም ኬዝ ውስጥ መልሱን የምትወስነውን ፍንጭ እንዴት እንለያት?» እያላችሁ ደጋግማችሁ የምትጠይቁትን በአንድ ኬዝ ላይ ልመልስላችሁ።

የ38 ዓመት ነጋዴ ነው። ሆዱ ማበጥ ከጀመረ 6 ወሩ ነው፤ እግሩ ያበጠው ኋላ ነው። ለ10 ዓመት አረቄ ጠጥቷል። ከ3 ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ጨርሷል። በ45 ዲግሪ ጋደም ሲል የአንገቱ ደም ሥር እስከ መንጋጋው ተገትሯል፤ አየር ሲስብ ይብሱን ከፍ ይላል። ጉበቱ አብጧል፤ ሽንቱ ፕሮቲን የለውም። የደሙ አልቡሚን 3.4፣ የሆዱ ውኃ አልቡሚን 1.9፣ የውኃው ጠቅላላ ፕሮቲን 3.2 ግራም በዴሲሊትር ነው። ምርመራው ምንድን ነው? ሀ. ሲሮሲስ፣ ለ. የሆድ ዕቃ ሽፋን ቲቢ፣ ሐ. ኔፍሮቲክ ሲንድሮም፣ መ. ኮንስትሪክቲቭ ፔሪካርዳይተስ።

ከየት እንጀምር?
ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ ከምርጫዎቹ። ታሪኩን የምታነቡት ከዚያ በኋላ ነው፤ አለዚያ ሁሉም መስመር እኩል ከባድ ይመስላችኋል።

ቆራጧ የትኛዋ ናት?
እያንዳንዱን ግኝት ይዛችሁ «ይቺ ስንት ምርጫ ትጥላለች?» በሉ። የሆድ ውኃ ማንንም አይጥልም፤ አራቱም ያመጡታል። የሽንቱ ውጤት ሐን ብቻ ይጥላል። የአንገቱ ደም ሥር ግን ሀን፣ ለን እና ሐን ባንዴ ይገፋል፤ በእነዚህ ብዙውን ጊዜ አይገተርም። ጤነኛ ሰው አየር ሲስብ ደም ወደ ልብ ስለሚገባ የአንገቱ ደም ሥር ዝቅ ይላል። በመ ግን ሽፋኑ ጠንክሮ የጨመቀው ልብ የሚመጣውን ደም መቀበያ ቦታ የለውም፤ ደሙ ወደ አንገት ይገፋል።

አረቄውና ቲቢውስ?
ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። አረቄው ወደ ሀ፣ ቲቢው ወደ ለ ይጎትታል። ይኸው ቲቢ ግን የልብን ሽፋንም ያጠነክራል፤ ስለዚህ ለን ከመ አይለይላችሁም።

ቁጥሮቹስ ምን ይላሉ?
ቀንሱ እንጂ አታካፍሉ፦ 3.4 − 1.9 = 1.5። ልዩነቱ 1.1 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ውኃውን ያመጣው የፖርታል ደም ሥር ግፊት ነው፤ ለ እና ሐ ይርቃሉ። ከሲሮሲስ የሚለየው የውኃው ፕሮቲን ነው፤ በሲሮሲስ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 በታች ነው፣ እዚህ 3.2 ነው። ሁለቱ አልቡሚኖች በተለያየ ቀን የተወሰዱ ከሆነ ግን በልዩነቱ አትተማመኑ።

ምርጫው ቢቀየርስ?
በሐ ቦታ የሰፋ ልብ ድካም ቢገባ የአንገቱ ደም ሥር ቆራጥነቱን ያጣል፤ በልብ ድካምም ይገተራል፣ አየር ሲሳብ ከፍ ማለቱም አንዳንዴ በቀኝ ልብ ድካም ይታያል። ያኔ ቆራጧ ወደ ደረት ራጁ ትዛወራለች፦ ልቡ ሰፍቷል ወይስ መጠኑ ልክ ሆኖ ዙሪያውን የካልሲየም መስመር ይታያል?