መሪው ያነባል፣ ሕዝቡ በዜማ ይመልሳል፦ አጭር ተሰጥዎ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ «ስምንት የምልጃ ልመናዎች ጻፍኩ። አንድ ሰው ያነባቸዋል፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ሕዝቡ በዜማ ይመልሳል። አዝማቹን እንዲህ ብዬ ነበር፦ ‹አቤቱ አምላካችን ሆይ፥ በቸርነትህ ብዛት የለመንንህን ልመና ሁሉ ተቀበለን።› ስንሞክረው ግማሹ ሰው ዘግይቶ ይጀምራል፣ ግማሹ መሐል ላይ ይጠፋበታል። ባሳጥረውም ‹ማረን› ይሻላል ወይስ ‹ስማን›? አማርኛው ላይ ምን አጠፋሁ?»

መልስ፦ ሰዋስዉ ላይ ከባድ ጥፋት የለም። በንባብ ደኅና ጸሎት ነው። ችግሩ ሰው ወረቀት ሳያይ፣ ባንድ ትንፋሽ፣ ከሌሎች ጋር እኩል ሊያወጣው የሚችል አለመሆኑ ነው። ለዚህ ቦታ «አዝማች» ከሚለው ይልቅ «ተሰጥዎ» የሚለውን ቃል እመርጣለሁ። አዝማች የመዝሙር አካል ነው፣ ራሱን ችሎ ይቆማል። ተሰጥዎ ግን ለሌላ ሰው ንግግር የሚሰጥ መልስ ነው። (በ«ኦ» ሲጻፍ ዛሬ የተፈጥሮ ችሎታ ማለት ሆኗልና በ«ዎ» ይጻፉት።)

እስቲ አዝማችዎን በአፍ እንቁጠረው። በፊደል አይቁጠሩ፤ ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ድምፅ ይኖረዋል፣ አንዳንዴ ከፊተኛው ጋር ይለጠፋል። «ሆይ» በጽሑፍ ሁለት ፊደል ነው፣ በአፍ ግን አንድ ቀለም ነው። በዚህ ሂሳብ የእርስዎ አዝማች ወደ 28 ቀለም ይደርሳል። «የለመንንህን» ብቻውን አምስት ይወስዳል፤ በዚያ ላይ ሦስት «ን» ተደራርቦበታል። ሰው የሚጠፋበት እዚያ ጋ እንደሚሆን እገምታለሁ። መጥሪያውም ሁለት ነው። «አቤቱ» ካሉ «ሆይ» አያስፈልግም፤ አንዱ ይበቃል።

አሁን ወደ «ማረን» እና «ስማን»። እዚህ ላይ አማርኛ ጆሮን የሚያታልልበት መንገድ ስላለ ረጋ ብለን እንየው።

«ማረን» ትእዛዝ ነው፣ «ምሕረት አድርግልን»። ግን ኀላፊም ነው፣ «እሱ ማረን»። አጻጻፉም አነባበቡም አንድ ነው። «ጌታ ማረን» ብሎ የሚዘምር ሰው እየለመነ ይሁን እየመሰከረ በቃሉ ብቻ አይታወቅም። የእርስዎ «ተቀበለን»ም ልክ እንደዚሁ ነው፤ «ተቀበል» ከሚለው ትእዛዝም፣ «ተቀበለ» ከሚለው ኀላፊም ይመጣል። «ጠብቀን» ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ትእዛዝም ነው፣ ቦዝ አንቀጽም ነው። «ጠብቀን… መጣን» እንደሚባለው ማለት ነው። በዜማ ሲረዝም ጆሮ ቀጣዩን ግሥ ይጠብቃል፣ ግሡም አይመጣም። እነዚህን ሁሉ የሚያድናቸው መጥሪያው ነው። «ጌታ ሆይ፥ ማረን» ሲሉ ንግግሩ በግልጽ ወደ «አንተ» ይዞራል። ስለዚህ «ሆይ»ን ለማሳጠር ብለው እንዳያወጡት። ይህች አንዲት ቀለም ልመናውን ልመና ታደርገዋለች።

«ስማን» በጽሑፍ ግልጽ ነው። አደጋው ዜማው ላይ ነው። «ስ» ሳድስ ናት፣ አጭር ናት። ዜማ ደራሲው ረጅም ኖታ ቢጭንባት አፍ ይከፈትና «ሰ» ትሆናለች። ያኔ «ሰማን» ይሆናል፤ «እኛ ሰማን» ወይም «እሱ ሰማን»። ሕዝቡ እግዚአብሔርን «ስማን» ማለቱ ቀርቶ «እኛ ሰማን» እያለ ይዘምራል! መፍትሔው ቀላል ነው። «ስ» ላይ ቶሎ ይለፉ፣ «ማ» ላይ ይቆዩ፣ «ን»ን በመጨረሻ ብቻ ይዝጉ። «ም»ንም አያጥብቁ፤ ሲጠብቅ ኀላፊው ይመጣል፣ ሲላላ ትእዛዙ።

ከሁለቱ እኔ «ስማን»ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱ መጨረሻው ላይ ያለው «ን» ማንን እንደሚያመለክት ነው። ስምንቱ ልመናዎች ስለ ልዩ ልዩ ሰው ናቸው፦ ስለ ታመሙ፣ ስለ ተሰደዱ፣ ስላረፉ። «ስለ ታመሙት እንለምንሃለን» ተብሎ «ማረን» ሲከተል አድማጩ «እነሱን ነው እኛን?» ሊል ይችላል። በየልመናው «ማራቸው»፣ «ማራት» እያሉ መለወጥ ደግሞ አይቻልም፤ ተሰጥዎ የማይለወጥ መሆን አለበት። «ስማን» ግን ከሁሉም ጋር ይሄዳል። የሚለመንለት ማንም ይሁን ማን የሚለምነው እኛ ነንና። እርግጥ በግዕዙ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ስንል «ለእኛ» ብለን ነው የምንመልሰው፤ ስሕተት አይደለም። እዚያ የሌላውም መከራ የእኛ ሆኖ ይቆጠራል። የእርስዎ ልመናዎች ኀጢአትን ስለ መናዘዝ ቢሆኑ ኖሮ እኔም «ማረን» እል ነበር።

«ልመናችንን ስማ» የሚልም አማራጭ አለ። ትርጉሙ ጥሩ ነው፤ ግን የተሳቢው «ን» ከ«ችን» ጋር ተጣብቆ በዜማ ይዋጣል፣ «ልመናችን ስማ» ይሆናል። ተሳቢውን ከግሡ ጋር ያጣበቀው «ስማን» ከዚህ ይድናል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸው፦ «ጌታ ሆይ፥ ስማን።» አምስት ቀለም ነው። ጌ፣ ታ፣ ሆይ፣ ስ፣ ማን። «ሆይ» እና «ማን» ይረዝማሉ፣ ሌሎቹ ያጥራሉ። የልመናዎቹ ቋንቋ የመጽሐፍ ቅዱስ ወዝ ካለው «አቤቱ፥ ስማን» ይበሉ፤ ያም አምስት ነው፣ የሚረዝመው «ቱ» ነው።

ዘግይቶ መጀመሩ ግን በተሰጥዎው ብቻ አይድንም፤ መሪው የሚያነበው ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ነው ያለው። አማርኛ ግሡን ለመጨረሻ ያቆያል። ሰሚው ግሡ እስኪመጣ ዐረፍተ ነገሩ ማለቁን አያውቅም። ስምንቱ ልመናዎች በስምንት ልዩ ልዩ ግሥ ካለቁ («ፈውሳቸው»፣ «መልሳቸው»፣ «አጽናናቸው»…) ሕዝቡ ስምንት ጊዜ ያመነታል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ግሥ ይዝጉ፦

መሪ፦ ስለ ታመሙት ሁሉ፥ ለሚያስታምሟቸውም ብርታት እንድትሰጥ፥ እንለምንሃለን።
ሕዝብ፦ ጌታ ሆይ፥ ስማን።

መሪ፦ ከቤታቸው ስለ ተሰደዱት፥ በሰላም እንድትመልሳቸው፥ እንለምንሃለን።
ሕዝብ፦ ጌታ ሆይ፥ ስማን።

በ«እንለምንሃለን» ምትክ «እንጸልይ» ሊሆን ይችላል። ግን ልብ ይበሉ፦ «እንለምንሃለን» ለእግዚአብሔር ይነገራል፣ «እንጸልይ» ለሕዝቡ። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይያዙ። በ«እንጸልይ» የሚዘጉ ከሆነ ልመናው ውስጥ «እንድትሰጥ» አይሄድም፤ «እግዚአብሔር ብርታት እንዲሰጣቸው እንጸልይ» መሆን አለበት። አንዱን ልመና በ«…ስም» ከመዝጋትም ይጠንቀቁ። ሰው ያንን ሲሰማ አፉ በልማድ ወደ «አሜን» ይሄዳል፣ ዜማውም ይበተናል። ያ ለመዝጊያው ጸሎት ይቆይ።

ከማባዛትዎ በፊት ልመናዎቹን ላላያቸው ለሁለት ሦስት ሰዎች ያንብቡላቸው። ተሰጥዎውን አንድ ጊዜ ብቻ ዘምረው ያሰሟቸው፣ ወረቀት አይስጧቸው። በሦስተኛው ልመና ላይ ምልክት ሳይሰጧቸው አብረው ከገቡ ተሳክቷል። «እንለምንሃለን» ካለቀ በኋላ ፀጥታ ካለ መዝጊያውን ያስተካክሉ። ገብተው መሐል ላይ ከተለያዩ ደግሞ ኖታው «ስ» ላይ ቆይቶ እንደሆነ ይዩ።