ለመምህሬ የጻፍኩትን ደብዳቤ ልላከው?

ጥያቄ፦ የ3ኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የትራንዚስተር ባያሲንግ የላብ ሪፖርቴ ከ10 4 አመጣ። ሰርኪዩቱ ፊክስድ ባያስ ነው፤ 12 ቮልት፣ ቤዙ ላይ 560 ኪሎ ኦም፣ ኮሌክተሩ ላይ 3 ኪሎ ኦም፣ ትራንዚስተሩ BC547B። በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል 6 ቮልት ስጠብቅ 0.2 ቮልት ለካሁ። «የመሣሪያ ስህተት ነው» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ «ኪው ፖይንቱስ?» ብቻ ብለው መለሱልኝ። አሁን «ባያሲንግ ስላልገባኝ ቢያስረዱኝ፣ ውጤቴንም ቢያዩልኝ» የሚል ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ። ልላከው?

መልስ፦ እንዲህ እንዳለ አትላኪው። «ባያሲንግ አልገባኝም» ሲባሉ መምህሩ ከየት ይጀምሩ? «ምዕራፉን ድጋሚ አንብቢ» ከማለት ሌላ ምርጫ የላቸውም። ውጤት ይታይልኝ የሚለው ሐረግ ከገባ ደግሞ ሌላው ሁሉ ማሟሟቂያ ይመስላል።

መጀመሪያ የለካሽውን ቁጥር እንየው። 6 ቮልት የጠበቅሽው ቤታን 100 ብለሽ ስለወሰድሽ ነው። ከ12 ቮልት 0.7 ሲቀነስና ለ560 ኪሎ ኦም ሲካፈል የቤዝ ከረንቱ 20 ማይክሮ አምፒር ገደማ ይሆናል። በ100 ሲባዛ 2 ሚሊ አምፒር። ይሄ በ3 ኪሎ ኦም ውስጥ ሲያልፍ 6 ቮልት ይወስዳል፣ 6 ይቀራል። እስከዚህ ስሌትሽ ልክ ነው።

ነገሩ ያለው ትራንዚስተሩ ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ ፊደል ላይ ነው። የBC547B ቤታ በዳታሺቱ ከ200 እስከ 450 ነው። ዝቅተኛውን 200 እንኳ ብንወስድ 4 ሚሊ አምፒር ይፈልጋል። ያ ደግሞ በኮሌክተሩ ሬዚስተር ላይ ያለሽን 12 ቮልት በሙሉ ይጨርሳል። ስለዚህ ትራንዚስተሩ ሳቹሬሽን ውስጥ ገብቷል፤ እዚያ ደግሞ 0.2 ቮልት የሚጠበቅ ንባብ ነው። መልቲሜትሩ ምንም አላጠፋም። «ኪው ፖይንቱስ?» ያሉትም ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ። 11.8 ቮልትን ለ3 ኪሎ ኦም አካፍለሽ፣ የመጣውን ለ20 ማይክሮ አምፒር ብታካፍይ 195 አካባቢ ታገኛለሽ። «ቤታው 195 ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ። ሳቹሬሽን ውስጥ ከረንቱን የሚወስነው ሬዚስተሩ እንጂ ትራንዚስተሩ አይደለም። እውነተኛውን ቤታ ከፈለግሽ ላብ ተመልሰሽ 3 ኪሎ ኦሙን በ1 ኪሎ ኦም ቀይሪው። ያኔ ቤታው 450 ቢሆን እንኳ ወደ 3 ቮልት ስለሚተርፍ ትራንዚስተሩ አክቲቭ ሪጅን ውስጥ ይቆያል። ያንን ንባብ ይዘሽ ነው መጻፍ ያለብሽ።

ደብዳቤው ይህን ይምሰል። በእንግሊዝኛ ብትጽፊውም ቅርጹ ያው ነው፦

> ጉዳዩ፦ በባያሲንግ ሪፖርቴ ላይ የሰጡኝን አስተያየት ይመለከታል
>
> ይድረስ ለተከበሩ መምህሬ፣
>
> 0.2 ቮልት ያነበብኩት በመሣሪያ ስህተት ነው ማለቴ ልክ አልነበረም። ቤታን 100 ብዬ ነበር ያሰላሁት፤ የBC547B ግን ከ200 ይጀምራል። ትራንዚስተሩ ሳቹሬሽን ውስጥ ነበር። በ1 ኪሎ ኦም ደግሜ የለካሁትን አያይዣለሁ።
>
> ከዚያ ቮልቴጅ ዲቫይደር ባያስን በ33 እና በ10 ኪሎ ኦም፣ ኤሚተሩ ላይ 1 ኪሎ ኦም አድርጌ አሰላሁ። ቤታ ከ100 ወደ 300 ሲሄድ የኮሌክተሩ ከረንት ከ1.9 ወደ 2.0 ሚሊ አምፒር ብቻ ሄደ። ሁለቱን የዲቫይደር ሬዚስተሮች 10 እጥፍ ሳሳድጋቸው ግን ከ1.2 ወደ 1.7 ዘለለ።
>
> ያልገባኝ፣ ዲቫይደሩ ስንት ኪሎ ኦም ሲደርስ ነው መረጋጋቱ የሚጠፋው? ወሰኑን ከኤሚተሩ ሬዚስተር ተነስቼ ማስላት እችላለሁ? በማማከሪያ ሰዓትዎ ብመጣ ደስ ይለኛል።

ጥያቄው ስለ አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ልብ በይ። መምህሩ ቆመው በ5 ደቂቃ የሚመልሱት ነው፤ የት ድረስ እንደገባሽም ያያሉ። ስሌቶቹን ግን ራስሽ ሥሪያቸው፤ ከእኔ ቀድተሽ ብትሄጂ «እንዴት አገኘሽው?» ሲሉሽ መያዝሽ ነው።

የውጤቱን ጉዳይ ለብቻው ያዢው። ነጥብ የተቆረጠው በመደመር ስህተት ከሆነ ወዲያው ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ከትንታኔው ላይ ከሆነ ግን በዚህ ሪፖርት አትከራከሪ። የታረመ ሪፖርት ይቀበሉ እንደሆነ እዚያው ቢሯቸው ስትሄጂ በቃል ጠይቂያቸው።

በቴሌግራም ከላክሽው ሰርኪዩቱን በእጅሽ ስለሽ ፎቶውን አያይዢ፤ የሬዚስተሮቹ ዋጋ ሥዕሉ ላይ ይጻፍ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልመለሱ በማማከሪያ ሰዓታቸው ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ።